ድጋሚ ሲለካ ዋጋው ጨመረ፤ ለቤቱ ባለቤት ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አነስተኛ የቤት እድሳት ሥራ ነው የምሠራው። አንዲት እናት የሦስት ክፍል ወለል ሴራሚክ እንዳነጥፍላቸው ጠየቁኝ። ቤቱን ሳላይ ዋጋ ሰጠሁ። ሳሎኑን 5 በ4፣ ትልቁን መኝታ ቤት 4 በ3 ብለው ራሳቸው ለክተው በስልክ ነገሩኝ። ትንሹን መኝታ ቤት ደግሞ ከፕላኑ ላይ 3.50 በ3 ብለው አነበቡልኝ። የክፍሎቹን ስፋትና የካሬ ዋጋውን ጽፌ ላክሁላቸው። ርዕሱ «የወለል ሴራሚክ ሙሉ ሥራ» ይላል። ተስማማን፤ ቀብድም ተቀበልኩ። ሴራሚኩ ግን ገና አልተገዛም። ከዚያ ሄጄ ስለካ ሳሎኑ 5.30 በ4.20 ሆነ። ያልነገሩኝ ገባ ያለ ቦታም አለው፤ እሱ 1.80 በ1.20 ነው። ትልቁ መኝታ ቤት 4.15 በ3.10፣ ትንሹ 3.40 በ2.90 ወጣ። በግድግዳው እግር ዙሪያ የሚገጠመውን ዞኮሎም በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ረስቼው ኖሯል። ሁሉም ሲደመር ዋጋው 14 በመቶ ገደማ ጨመረ። አዲሱን ድምር በስልክ መልእክት ስልክላቸው «ተስማምተን አልነበር እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብለዋል። ደብዳቤ ልጽፍላቸው አስቤያለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤው ጥሩ ሐሳብ ነው። አሁን እሳቸው እጅ ላይ ያለው ሁለት ድምር ብቻ ነው። አንዱ ያነሰ፣ አንዱ የበዛ። በመሀሉ ምን እንደተፈጠረ የሚያሳይ አንድም መስመር የለም። ስለዚህ ያላቸው ምርጫ አንተን ማመን ወይም መጠርጠር ነው። ደብዳቤህ ሜትር ይዘው ራሳቸው ሊፈትሹት የሚችሉት ነገር ይስጣቸው።

ከመጻፍህ በፊት ግን 14 በመቶውን ለሁለት ክፈለው። የላክህልኝን ስሌት ሳየው ከ14ቱ 9 ያህሉ የመጣው ከልኬቱ ነው። የቀረው 5 ከዞኮሎው ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ስም መጠራት የለባቸውም። የመጀመሪያውን ያመጣው የቤቱ ስፋት ነው። ሁለተኛውን ያመጣው አንተ መርሳትህ ነው። ሁለቱንም «ድጋሚ ስለካ» ብለህ ከጠቀለልካቸው፣ እሳቸው ዞኮሎውን የሚያዩ ቀን ትክክለኛውንም ልኬት ይጠረጥሩታል።

መጀመሪያ ልኬቱን እንየው። በመጀመሪያው ወረቀትህ ሳሎኑ 20 ካሬ፣ ትልቁ መኝታ ቤት 12 ካሬ፣ ትንሹ 10.50 ካሬ ነበር። ድምሩ 42.50 ካሬ። አሁን ሳሎኑ ብቻውን 22.26 ካሬ ነው። ገባ ያለው ቦታ 2.16 ሲጨመርበት 24.42 ይሆናል። ትልቁ መኝታ ቤት 12.87፣ ትንሹ 9.86 ካሬ ናቸው። ድምሩ 47.15 ካሬ። ልዩነቱ 4.65 ካሬ ሲሆን 11 በመቶ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ የትንሹን መኝታ ቤት ልብ በልልኝ። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል 10 ሴንቲሜትር ቀንሷል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ፕላን ላይ ብዙ ጊዜ ልኬቱ የሚጻፈው ከግድግዳ መሀል እስከ ግድግዳ መሀል ነው። ግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው ከአንድ ወገን 5፣ ከሌላው ወገን 5 ሴንቲሜትር ይወስዳል። ወለል ላይ የሚቀርህ ከፕላኑ በ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ነው። ፕላኑን አስመጥተህ የልኬቱ መስመር የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ እይ። መስመሩ ግድግዳው መሀል ላይ ከቆመ ምክንያቱን አገኘኸው ማለት ነው።

የሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። 5፣ 4፣ 4፣ 3። ሁሉም ድፍን ቁጥር ነው። ቤት ደግሞ ድፍን ሆኖ አይሠራም። ሶፋና ቁም ሳጥን ባለበት ክፍል ውስጥ ሰው ሜትሩን እስከ ዕቃው ድረስ ይዘረጋና ቀሪውን በግምት ይሞላል። ይህን የምልህ እንድትወቅሳቸው አይደለም። በደብዳቤው ውስጥ «የሰጡኝ ልኬት ስህተት ነበር» የሚል ቃል እንዳይገባ ነው። የሚገባው «በስልክ በተነጋገርነው ልኬት» የሚለው ነው። ያለ ልኬት ዋጋ መስጠትን የመረጥከው አንተ ነህና።

የቀነሰውን ክፍል በጭራሽ እንዳትደብቀው። ብዙ ሰው የጨመረውን ብቻ ጽፎ የቀነሰውን በድምሩ ውስጥ ያሰጥመዋል። በ0.64 ካሬ የቀነሰ ክፍል በራሱ መስመር ላይ ተጽፎ ሲታይ፣ ልኬቱ ዋጋ ለመጨመር ተብሎ እንዳልተሠራ ያሳያል።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «ካሬው በ11 በመቶ ጨመረ ካልክ ዋጋው ለምን በ9 ብቻ?» ወይም የተገላቢጦሹ። መልሱን ቀድመህ እወቀው። የእጅ ዋጋው በካሬ ስለሆነ ከካሬው ጋር እኩል ይጨምራል። ሴራሚኩ ግን የሚገዛው በካርቶን ነው። የመረጡት 60 በ60 ሲሆን አንድ ካርቶን 4 ፍሬ ከያዘ 1.44 ካሬ ያለብሳል። ለቆረጣና ለስብራት 10 በመቶ ብክነት ስትይዝ ለመጀመሪያው ስፋት 33 ካርቶን ይበቃ ነበር። ለአሁኑ 51.87 ካሬ ያህል ያስፈልጋል። 36 ካርቶን 51.84 ነው። የጎደለው ከአንድ ሴራሚክ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። 37 ብለህ አትጻፍ። ብክነቱ ራሱ መጠባበቂያ ነው፤ በመጠባበቂያ ላይ ሌላ መጠባበቂያ አይጨመርም። ማጓጓዣውና ጽዳቱ ደግሞ ምንም አልተለወጡም። ለዚህ ነው ከልኬቱ የመጣው የዋጋ ጭማሪ ከካሬው ጭማሪ ያነሰው።

አሁን ወደ ዞኮሎው። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ላይ አቋምህ ደካማ ነው። ወረቀትህ «ሙሉ ሥራ» ይላል። የቤት ባለቤት ያንን ሲያነብ ዞኮሎውም ውስጡ አለ ብሎ ነው የሚገምተው። ወለሉ አልቆ የግድግዳው እግር ክፍቱን የቀረበትን ሥራ ማንም ሙሉ አይለውም። በሌላ በኩል ዕቃው ራሱ ወጪ አለው፤ ከመጀመሪያውም ብትጽፈው ኖሮ ይከፍሉት ነበር። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የዕቃውን ዋጋ በደረሰኝ እሳቸው ይክፈሉ፤ የመግጠሚያውን እጅ አንተ ተወው። በስሌትህ ላይ ከዞኮሎው 5 ውስጥ 3 ያህሉ ዕቃ፣ 2 ያህሉ እጅ ነው። እንዲህ ሲሆን 14ቱ ወደ 12 ይወርዳል። ለአንተም ኪሳራው ሁለት በመቶ እንጂ አምስት አይሆንም። «ሙሉ ሥራ ብለሃል፤ ዕቃውንም አልከፍልም» ቢሉህ ግን ብዙ አትከራከር። በዚያ ቃል ላይ እሳቸው ያሸንፋሉ።

የዞኮሎውን ርዝመት ስታወጣም ተጠንቀቅ። ገባ ያለው ቦታ ለሳሎኑ ዙሪያ የሚጨምረው ሁለቱን ጎኖቹን ብቻ ነው። የኋላው ግድግዳ በተከፈተው ቦታ ይካካሳል። ስለዚህ ሳሎኑ 19 ሲደመር 2.40፣ ማለትም 21.40 ሜትር ነው። ትልቁ መኝታ ቤት 14.50፣ ትንሹ 12.60 ሜትር። በድምሩ 48.50። በሮች ይቀነሳሉ። የመኝታ ቤቶቹ በር ወደ ሳሎኑ የሚከፈት ከሆነ በሁለቱም ወገን ነው የሚቀነሰው፤ አንዴ ከሳሎኑ፣ አንዴ ከመኝታ ቤቱ። ሁለቱ በሮች 90 ሴንቲሜትር፣ ዋናው በር 1 ሜትር ቢሆኑ 4.60 ሜትር ይወጣል። የሚቀረው 43.90 ሜትር ነው። ይህን ሁለተኛ ወገን መቀነስ የሚረሳ ብዙ ነው።

ደብዳቤውን ከመላክህ በፊት ልኬትህን ራስህ ፈትን። እያንዳንዱን ክፍል በርዝመትም በወርድም ሦስት ቦታ ላይ ለካ፤ ከአንዱ ጫፍ፣ ከመሀል፣ ከሌላው ጫፍ። ግድግዳ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሦስቱ ቢለያዩ አማካዩን ውሰድ። ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ ለካ። የሳሎኑ ዋና ክፍል 5.30 በ4.20 ከሆነና ማዕዘኖቹ ቀጥ ካሉ ሁለቱም ሰያፎች 6.76 ሜትር አካባቢ መምጣት አለባቸው። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ክፍሉ ጠማማ ነው። ያኔ ስፋቱ ብዙ ባይለወጥም በግድግዳው ጥግ የሚቆረጠው ሴራሚክ ይበዛል። ያንን ካገኘህ ብክነቱን ለማሳደግ ምክንያት አለህ፤ ግን ሁለቱን የሰያፍ ቁጥሮች ጽፈህ አሳያቸው። ካላገኘህ 10 በመቶው ላይ እርጋ።

ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት አጭር ስልክ ደውል። «ያለ ማብራሪያ ድምር መላኬ ልክ አልነበረም፤ ዝርዝሩን በጽሑፍ እልክልዎታለሁ» በል። ስለ ዋጋው በስልክ አትከራከር። ከዚያ እንዲህ ጻፍላቸው። ዋጋዎቹን በነጥቡ ቦታ አንተ ትሞላለህ።

ይድረስ ለወይዘሮ ……

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው የላክሁልዎት አዲስ ድምር ማብራሪያ ስላልነበረው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዋጋው ለምን እንደተለወጠ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

የተስማማንበት የካሬ ዋጋ አልተለወጠም። የተለወጠው የካሬው ብዛት ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ የሠራሁት ቤቱን ከማየቴ በፊት፣ በስልክ በተነጋገርነው ልኬት ነበር። አሁን እያንዳንዱን ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለክቻለሁ።

ሳሎን፦ መጀመሪያ 5.00 በ4.00፣ 20.00 ካሬ። አሁን 5.30 በ4.20፣ 22.26 ካሬ። ገባ ያለው ቦታ 1.80 በ1.20፣ 2.16 ካሬ። በጠቅላላው 24.42 ካሬ።

ትልቁ መኝታ ቤት፦ መጀመሪያ 4.00 በ3.00፣ 12.00 ካሬ። አሁን 4.15 በ3.10፣ 12.87 ካሬ።

ትንሹ መኝታ ቤት፦ መጀመሪያ 3.50 በ3.00፣ 10.50 ካሬ። አሁን 3.40 በ2.90፣ 9.86 ካሬ። ይህ ክፍል ቀንሷል።

ድምሩ ከ42.50 ካሬ ወደ 47.15 ካሬ ከፍ ብሏል። ልዩነቱ 4.65 ካሬ ነው። በዚህም ምክንያት ሴራሚኩ ከ33 ወደ 36 ካርቶን ይጨምራል። ማጣበቂያውና የእጅ ዋጋውም በካሬው ልክ ይጨምራሉ። የማጓጓዣና የጽዳት ዋጋ ባለበት ነው። በልኬቱ ምክንያት የሚጨመረው …… ነው።

ከልኬቱ ጋር የማይገናኝ አንድ ነገር አለ። ዞኮሎውን በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ሳላስገባ ቀርቻለሁ። ይህ የእኔ ስህተት ነው። ርዝመቱ በሮቹ ተቀንሰው 43.90 ሜትር ነው። እርስዎ የዕቃውን ዋጋ ብቻ በደረሰኝ እንዲከፍሉ፣ የመግጠሚያውን የእጅ ዋጋ እኔ እንድተወው ሐሳብ አቀርባለሁ። የዕቃው ዋጋ …… ነው።

ልኬቱን አብረን ደግመን ብንለካው ደስ ይለኛል። የሚመችዎትን ቀን ይንገሩኝ፤ ከፈለጉ ሌላ ሰውም ይኑር። ልዩነት ካገኘን ዋጋውን በተገኘው ልክ አስተካክላለሁ። ካነሰም ይቀንሳል።

ጭማሪው ካሰቡት በላይ ከሆነ ትንሹን መኝታ ቤት ለሌላ ጊዜ ማቆየት እንችላለን። ያኔ 9.86 ካሬ ከሥራው ይወጣል። ሥራውን ለማቋረጥ ከወሰኑም እስካሁን የተገዛ ዕቃ ስለሌለ ቀብድዎን ሙሉውን እመልሳለሁ።

ይህ ዋጋ እስከ …… ቀን ድረስ የጸና ነው። እርስዎ ተስማምተው ካልፈረሙ በስተቀር ሴራሚክ አልገዛም፤ ሥራም አልጀምርም።

ከአክብሮት ጋር

ደብዳቤው ይኸው ነው። ከዚህ አታስረዝመው። አንዳንዱ ሰው ስለ ዕቃ መወደድ፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ስለ ራሱ ችግር አንድ አንቀጽ ይጨምርበታል። አንተ አትጨምር። የካሬ ዋጋው አልተለወጠም ብለህ ጀምረህ ስለ ኑሮ ውድነት ካወራህ፣ አንባቢው የትኛውን ይመን? በእርግጥ የሴራሚኩ ዋጋ በመሀል ከጨመረ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በራሱ መስመር፣ በራሱ ማስረጃ ይምጣ። ልኬቱ ውስጥ ገብቶ አይደበቅ።

የቀብዱ መስመር ሳያስፈራህ አይቀርም። ሥራውን ላጣው ነው ብለህ ልታወጣው ትፈልግ ይሆናል። እኔ ግን እንድታወጣው አልመክርህም። እሳቸው ዝም ያሉት ገንዘባቸው አንተ ዘንድ ስለሆነ እንቢ የማለት ነጻነት የሌላቸው መስሏቸው ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሜት የተስማማ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዱን ሴራሚክ በጥርጣሬ ነው የሚያየው። በዚያ ላይ ምንም ስላልተገዛ ብትመልሰው የምትከስረው ለልኬት የሄድክበትን ጊዜ ነው።

አብራችሁ ስትለኩ የሜትሩን ዜሮ ጫፍ እሳቸው ይያዙት። ቁጥሩንም እሳቸው አንብበው እሳቸው ይጻፉት። ሌዘር ሜትር ካለህ ተጠቀምበት፤ ግን ቢያንስ አንዱን ክፍል በተራ ሜትርም ለካላቸው። ሌዘሩ የሚያሳየውን ቁጥር ከዚህ በፊት ያላየ ሰው በምን ይመነው? መጀመሪያ ትንሹን ክፍል ለኩ። ከወረቀትህ ጋር ሲገጥም ያያሉ፤ ከዚያ ሳሎኑ ላይ ክርክር አይኖርም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በመጀመሪያው ወረቀትህ ላይ የክፍሎቹን ስፋትና የካሬ ዋጋውን ስለጻፍክ ነው። አንድ ቁርጥ ዋጋ ብቻ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ የምነግርህ ሌላ ነበር። ቁርጥ ዋጋ ያለ ልኬት የሰጠ ሰው የልኬቱንም ስጋት አብሮ ተሸክሟል። ያኔ ጭማሪውን መጠየቅ የምትችለው በልመና ነበር። እንቢ ካሉም በተስማማኸው ዋጋ መሥራት ወይም ቀብዱን መልሰህ መውጣት ነው። ለሚቀጥለው ሥራ በዋጋ ማቅረቢያህ ግርጌ አንድ መስመር ጨምርበት፦ «ይህ ዋጋ በቦታው ከተለካ በኋላ በተገኘው ካሬ ይስተካከላል፤ የካሬ ዋጋው ግን አይለወጥም።» ከሥሩም ዞኮሎ ይካተት አይካተት በግልጽ ጻፍ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከተስማሙ 36ቱን ካርቶን በአንድ ጊዜ ግዛ። «ለጊዜው 33 ልግዛ፣ የቀረውን ስንደርስ እናየዋለን» እንዳትል። ሴራሚክ በየምርት ዙሩ ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፤ መጠኑም በጥቂት ሚሊሜትር ሊለይ ይችላል። ካርቶኑ ላይ የምርት ዙሩና የቀለም መለያው ተጽፎ ታገኘዋለህ። ስትረከብ የሁሉንም ካርቶን መለያ አስተያይ። በኋላ የምትገዛቸው ሦስት ካርቶኖች ከሌላ ዙር ከሆኑ ልዩነቱ ሳሎኑ መሀል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲነጠፍ የተረፈ ሙሉ ሴራሚክ ካለ ደግሞ የእሳቸው ነው፤ ለወደፊት ጥገና ይሆናቸዋል። ከካርቶኑ ጋር ቆጥረህ አስረክባቸው።